አፍንጫው ነው ወይስ ደረቱ? ጉንፋን የያዘው ሕፃን ሌሊት ላይ ሲታፈን

ሩፋኤል አካባቢ የምትኖር ጓደኛዬ ባለፈው ክረምት ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ ደወለችልኝ። ሰላምታ የለ፣ ምን የለ። ስልኩን የ3 ወር ልጇ አፍንጫ ሥር አስጠግታ «ስማው» አለችኝ። ሊገነፍል እንደደረሰ ጀበና የሚንተከተክ ድምፅ ይሰማል። «ትንፋሽ አጠረው፣ ልጄ ሊሞትብኝ ነው» እያለች ታለቅሳለች። ባሏ ማታ ሥራ ነው። ውጭ ዝናቡ ይወርዳል።

እኔ ስለ ሕፃን የማውቀው ነገር የለም። ግን እህቴ ጤና ጣቢያ የሕፃናት ክፍል የምትሠራ ነርስ ስለሆነች ቀሰቀስኳትና ሦስታችንም በቪዲዮ ተገናኘን። ያን ሌሊትና ከዚያ በኋላ በነበሩት ሦስት ቀናት የተማርኩትን ነው የምጽፍላችሁ። ልጅ ያላችሁ፣ የእህታችሁን ልጅ የምትጠብቁ፣ ወይም ጎረቤታችሁ አራስ ያለች ሁሉ አንድ ቀን ይህ ጥያቄ ይመጣባችኋል፤ ድምፁ የሚመጣው ከአፍንጫ ነው ወይስ ከደረት?

እህቴ መጀመሪያ የጠየቀችው «ትኩሳት አለው?» ብላ አልነበረም። «ጠብቷል ወይ?» ነው ያለችው።

«ይጀምርና ይተወዋል። ሁለቴ ሦስቴ ይስብና ለቅሶ።»

«ከንፈሩ ምን ይመስላል? ምላሱንስ አየሽው?»

«ቀይ ነው።»

«እሺ፣ አሁን ልብሱን ገልጠሽ ደረቱን አሳዪኝ። አታጣድፊው፣ መጀመሪያ ልቅሶውን ይተው።»

ልጁ በሦስት ብርድ ልብስና በጋቢ ተጠቅልሎ ነበር። የጉለሌ ሌሊት፣ በተለይ በክረምት፣ ከእንጦጦ የሚወርደው ብርድ ቀላል ስላልሆነ አይፈረድባትም። ግን በዚያ ሁሉ ልብስ ሥር ደረት አይታይም። ሲገለጥ ሆዱ በእርጋታ ከፍ ዝቅ ይላል፤ የጎድን አጥንቱ ሥር ያለው ቦታ ወደ ውስጥ አይገባም። እህቴ ተነፈሰች። «አፍንጫው ነው» አለች።

ለምን እንዲህ ያለ ድምፅ ያወጣል? ሕፃን ልጅ በመጀመሪያዎቹ ወራት በአብዛኛው የሚተነፍሰው በአፍንጫው ነው። እኛ አፍንጫችን ሲደፈን ሳናስበው አፋችንን እንከፍታለን፤ እሱ ግን ያንን ገና በደንብ አልለመደም። የአፍንጫው መተላለፊያ ደግሞ በጣም ጠባብ ነው። ለእኛ ምንም የማይመስል ትንሽ ንፍጥና ትንሽ እብጠት ለእሱ መንገዱን ግማሽ ይዘጋዋል። ጡት ሲጎርስ አፉ ስለሚያዝ በዚያች ጠባብ ቀዳዳ ብቻ መተንፈስ አለበት። ስለዚህ ይስባል፣ አየር ያጥረዋል፣ ይለቃል፣ ያለቅሳል። ሲያለቅስ ንፍጡ ይጨምራል። ችግሩ ከባድ ሳይሆን ልጁ ሳይጠባ ያድራል፤ እናት ደግሞ ሳትተኛ።

ለዚህ መፍትሔው ጨዋማ ውሃ ነው። ፋርማሲ ስትሄዱ «ኖርማል ሳላይን የአፍንጫ ጠብታ» በሉ። ውስጡ ያለው ሶዲየም ክሎራይድ 0.9% ብቻ ነው፤ ማለትም በ1 ሊትር ውሃ 9 ግራም ጨው። ይህ መጠን ከሰውነታችን ፈሳሽ ጋር ስለሚቀራረብ አያቃጥልም። መድኃኒት አይደለም፣ ቫይረሱንም አይገድልም። የደረቀውንና የወፈረውን ንፍጥ አርሶ ያቀጥነዋል፣ ልጁ ያስነጥሰዋል ወይም ይውጠዋል፣ መንገዱ ይከፈታል። ቢውጠውም ችግር የለውም።

በዚያ ሌሊት ግን ጠብታ አልነበረም፣ የተከፈተ ፋርማሲ ፍለጋ ልጁን ይዞ በዝናብ መውጣትም አይታሰብም። ስለዚህ ቤት ውስጥ ተሠራ። ሁልጊዜ የፋርማሲው ይሻላል፤ ንጹሕ ነው፣ መጠኑም የታወቀ ነው። ሲቸግር ግን እንዲህ ነው።

በግማሽ ሊትር ሃይላንድ ውሃ ለክታ ድስት ውስጥ ጨመረችና አፈላችው። መንተክተክ ከጀመረ በኋላ 3 ሙሉ ደቂቃ። ብዙ ቦታ 1 ደቂቃ ይበቃል ሲባል ትሰማላችሁ፣ እሱ ለዝቅተኛ አካባቢ ነው። አዲስ አበባ ከፍታ ላይ ስለሆነች ውሃ ከ100 ዲግሪ ሳይደርስ፣ 92 ገደማ ላይ ነው የሚፈላው። ስለዚህ ጀርሙን ለመግደል ጊዜው ይረዝማል። ከዚያ ከአንድ ልሙጥ የሻይ ማንኪያ ትንሽ ጎደል ያለ ጨው ጨምራ አማሰለች። የተከመረ ማንኪያ አይሆንም፤ በቢላ ጀርባ ጠርጋችሁ አስተካክሉት። ክዳን ባለው ንጹሕ ዕቃ ለብ እስኪል ቆየ።

እህቴ «ቅመሺው፣ እንባ እንባ ይላል?» አለቻት። መለኪያው ይኸው ነው። ከእንባ በላይ የሚጎመዝዝ ከሆነ ጨው በዝቷል፣ የልጁን አፍንጫ ያቃጥላል፤ ደፍታችሁ እንደገና ሥሩ። በዚህ መንገድ የተሠራውን ከ24 ሰዓት በላይ አታስቀምጡ። ውስጡ ጀርም እንዳይራባ የሚከላከል ነገር የለውም።

አጨማመሩ ጥድፊያ አይወድም። ልጁ በጀርባው ይተኛል፣ አገጩ ትንሽ ቀና ይላል። ጓደኛዬ ለፓራሲታሞል ሽሮፕ የሚሰጥ መርፌ የሌለው ሲሪንጅ ነበራት፣ በሙቅ ውሃና በሳሙና አጥባ አለቀለቀችው። በአንዱ ቀዳዳ 1 ወይም 2 ጠብታ፣ ጠብ ጠብ አድርጎ እንጂ ገፍቶ እንደ ቧንቧ አይደለም። ሲሪንጁም ሆነ የጠብታው ጫፍ አፍንጫውን እንዳይነካ፤ ከነካ ጀርሙ ወደ ጠርሙሱ ይመለሳል። አንድ ደቂቃ ያህል ጠብቆ የወጣውን በንጹሕ ለስላሳ ጨርቅ መጥረግ። ከዚያ ሌላኛው ቀዳዳ። የላስቲክ ንፍጥ መምጠጫ ያላችሁ ቀድማችሁ ጨምቁት፣ ጫፉን ጠርዙ ላይ ብቻ አድርጉና ቀስ ብላችሁ ልቀቁ። በቀን ከ3 እና 4 ጊዜ በላይ መምጠጥ ግን አፍንጫውን አቁስሎ ያሳብጠዋል፤ ያኔ መፍትሔው ራሱ ችግር ይሆናል።

ጊዜው ደግሞ ከመጥባቱ በፊት ነው፣ ከ10 ወይም 15 ደቂቃ ቀደም ብሎ። ከጠባ በኋላ ከሆነ በማልቀስና በማሳል ያስመልሰዋል።

ልጁ ሁለቴ አስነጠሰ። ወፍራም ንፍጥ ወጣ። ቀጥ አድርጋ ይዛ ጡት ሰጠችው፤ ሳይለቅ 10 ደቂቃ ያህል ጠባ። ያ የጀበና ድምፅ ወደ ትንሽ ሽውታ ወረደ።

እህቴ ግን አላለቀችም። «አሁን ስልክሽ ላይ ሰዓት ክፈቺ» አለቻት።

አንድ ነገር ብቻ ከዚህ ጽሑፍ የምትይዙ ከሆነ ይህን ያዙ፤ ትንፋሽ መቁጠር። በጤና ጣቢያ ባለሙያዎች የሳንባ ምችን ከጉንፋን ለመለየት የሚጀምሩት በዚሁ ነው፣ ያለ ምንም ማሽን። ልጁ ሲረጋጋ ወይም ሲተኛ፣ አፍንጫው ከጸዳ በኋላ፣ ሆዱ ወይም ደረቱ ተገልጦ ይቆጠራል። አንዴ ከፍ ብሎ ዝቅ ሲል አንድ ነው። ስልኩ 1 ደቂቃ እስኪሞላ። 15 ሰከንድ ቆጥሮ በ4 ማባዛት አይሠራም፤ ሕፃን ትንፋሹ እኩል አይደለም፣ ቶሎ ቶሎ ይተነፍስና ጥቂት ሰከንድ ያርፋል። የሚያለቅስን ወይም የሚጠባን ልጅ ብትቆጥሩ ደግሞ ቁጥሩ ያለ ምክንያት ያስደነግጣችኋል።

ልጁ ከ2 ወር በታች ከሆነ 60 እና ከዚያ በላይ ፈጣን ነው፤ እንደገና ቆጥራችሁ አረጋግጡ። ከ2 ወር እስከ 12 ወር 50 እና በላይ። ከ1 ዓመት እስከ 5 ዓመት 40 እና በላይ።

ጓደኛዬ መጀመሪያ እየተንሰቀሰቀ ሳለ ስትቆጥር 62 አግኝታ ነበር፤ ለዚህ ነው የደነገጠችው። ጠብቶ ከተኛ በኋላ ግን 44 ሆነ። «ተኚ» አለቻት እህቴ። «ግን ማታ ማታ ቁጠሪና ስልክሽ ላይ ጻፊው።»

በማግስቱ ከፋርማሲ ጠብታ ልትገዛ ሄደች። እዚህ ጋ አንድ ወጥመድ አለ። ሻጩ መጀመሪያ ያወጣላት ጠብታ «አፍንጫ ይከፍታል» የተባለ ነበር፤ ጀርባው ላይ ግን ዛይሎሜታዞሊን ይላል። ይህ የአዋቂ መድኃኒት ነው፣ የደም ሥር እያጠበበ እብጠት የሚቀንስ። ለሕፃን ልብና አእምሮ አደገኛ ሊሆን ይችላል። ኦክሲሜታዞሊን የሚልም እንዲሁ። ማሸጊያው አንዳንዴ ይመሳሰላል፤ ስለዚህ ከፊት ያለውን ስም ሳይሆን ከጀርባ ያለውን ይዘት አንብቡ። ሶዲየም ክሎራይድና ውሃ ካለ ጥሩ ነው። የመድኃኒት ስም ካለበት ለሕፃኑ መሆኑን ሐኪም ሳትጠይቁ አትውሰዱ።

የግቢው ሰው ደግሞ የየራሱን አመጣ። አንዲት ደግ እማማ «ቅቤ አቅልጠሽ አፍንጫው ላይ ጠብ አድርጊለት፣ ያለሰልሰዋል» አሉ። አባባላቸው ከፍቅር ነው፤ ግን ቅቤና ዘይት ወደ ሳንባ ከወረደ ሰውነት በቀላሉ አያስወጣውም፣ ራሱን የቻለ የሳንባ ሕመም ያመጣል። ሌላዋ ከእንጦጦ የመጣ የባህር ዛፍ ቅጠል ቀቅላ ልታጥነው ነበር። ለትልቅ ሰው ደስ ይላል፤ ለሕፃን ግን የፈላ ድስት ማለት የቃጠሎ አደጋ ነው፣ ኃይለኛው ሽታ ደግሞ የመተንፈሻ ቧንቧውን ያስቆጣዋል። ደረት ላይ የሚቀባው የሜንቶል ቅባትም ከ2 ዓመት በታች አይደረግም። ማር ከ1 ዓመት በታች ፈጽሞ፤ ንጹሕ ማር ውስጥ እንኳን ሊኖር የሚችል ጀርም የሕፃኑን ጡንቻ ሽባ የሚያደርግ መርዝ ይሠራል። የሳል ሽሮፕም ለዚህ ዕድሜ አይደለም። «እንጥሉ ወርዶ ነው፣ ይቆረጥ» የሚል ሰው ከመጣ ደግሞ በሩን ዝጉ፤ እንጥል ሳል አያመጣም፣ መቆረጡ ግን ደም መፍሰስና ኢንፌክሽን ያመጣል።

የከሰሉን ነገር ለብቻው ልበለው። በብርድ ጊዜ ከሰል አቀጣጥሎ ክፍል ማሞቅ እኛ ሰፈር የተለመደ ነው። ጭሱ የሕፃኑን አፍንጫና ሳንባ ያስቆጣል፤ ጭስ የሌለው የመሰለው ፍም ደግሞ ሽታ በሌለው ጋዝ መላ ቤተሰብ ይገድላል። ኅዳር 12 ኅዳር ሲታጠን ሰፈሩ በቆሻሻ ጭስ ሲሸፈን ሕፃን ያላችሁ መስኮት ዝጉ። ያ ልማድ ከ1911ዱ የኅዳር በሽታ፣ ከዚያ ብዙ ሕዝብ ከጨረሰ ኢንፍሉዌንዛ ጋር የተያያዘ ነው፤ ዛሬ የሚያስለው ሕፃን ግን ጭስ አይጠቅመውም።

ሦስተኛው ቀን ደህና ዋለ። ጠብታ፣ ጡት፣ እንቅልፍ። ማታ ቁጥሩ 46። በአራተኛው ቀን ግን ነገሩ ተለወጠ።

የሕፃናት ጉንፋን ሁሌም እዚያው አፍንጫ ላይ አይቀርም። ቫይረሱ ወደ ትናንሾቹ የሳንባ ቧንቧዎች ሊወርድ ይችላል፤ ሐኪሞች ብሮንኪዮላይተስ ይሉታል፣ ከ1 ዓመት በታች ያሉትን ነው በብዛት የሚይዘው። ጠባዩ ደግሞ አሳሳች ነው። እንደ ተራ ጉንፋን ይጀምርና ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ቀን ባለው ጊዜ ይከፋል። ስለዚህ «እስካሁን ደህና ነበር፣ እያለፈለት ነው» የምትሉበት ቀን በትክክል ዓይናችሁን የምትከፍቱበት ቀን ነው።

ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ጠብታ ተደረገለት፣ አፍንጫው ጸዳ፣ ግን አልጠባም። ከጠዋት ጀምሮ ከወትሮው ግማሽ እንኳን አልወሰደም። ዳይፐሩ ለ7 ሰዓት ያህል ደረቅ ነበር። ተኝቶ ሳለ ቆጠረች፤ 58። ደገመች፤ 57። ከዚያ ያንን ያየችውን ነገር በቪዲዮ ቀርጻ ላከችልን። ልጁ አየር ወደ ውስጥ በሳበ ቁጥር ከጎድን አጥንቱ ሥር ያለው የደረቱ ታች ወደ ውስጥ ይሰረጉዳል፤ ሆዱ ሲነፋ ደረቱ ይገባል። አፍንጫው ጸድቶም የአፍንጫው ክንፎች ይርገበገባሉ።

ይሄ ከደረት ነው። ሳንባው አየር ለማስገባት ሲከብደው ልጁ ሌሎች ጡንቻዎችን ጨምሮ ይስባል፤ የሕፃን ጎድን ለስላሳ ስለሆነ አብሮ ይሳባል። ሲያለቅስ ወይም አፍንጫው ተደፍኖ ሳለ ትንሽ መሰርጎድ ሊኖር ይችላል። አፍንጫው ጸድቶ፣ ተረጋግቶ፣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ ከሆነ ግን የሚጠበቅ ነገር የለም። እህቴ «አሁኑኑ ተነሺ፣ ቪዲዮውን እንዳታጠፊው» ብቻ ነው ያለችው።

ከዚህ የባሱ፣ መቁጠር እንኳን የማያስፈልጋቸው ምልክቶችም አሉ። ምላሱ ወይም የአፉ ውስጥ ከሰመያዊ ወይም ከግራጫ ጋር ከተቀላቀለ (በጠይም ቆዳ ፊት ላይ ላይታይ ስለሚችል አፉን ከፍታችሁ እዩ)፣ ባወጣው ትንፋሽ ሁሉ የሚያቃስት ከሆነ፣ ትንፋሹ ለ15 ሰከንድ ያህል ከቆመ፣ ጨርሶ መጥባት ካቃተው፣ የበላውን ሁሉ ካስመለሰ፣ ካንቀጠቀጠው፣ ወይም ሲቀሰቅሱት የማይነቃ ዝልፍልፍ ካለ ሰዓት አትክፈቱ፣ ተነሱ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው፤ የከተማው እሳትና አደጋ 939። ጠባብ ቅያስ ውስጥ ከሆናችሁና ቶሎ ካልመጣ ባገኛችሁት መኪና ሂዱ። በመንገድ ላይ ልጁን ቀጥ አድርጋችሁ ያዙ፣ ፊቱን በጋቢ አትሸፍኑ።

ከ2 ወር በታች ላለ ደግሞ ሕጉ ጠበቅ ይላል። በብብት 37.5 ዲግሪና በላይ ትኩሳት፣ ወይም ከ35.5 በታች መቀዝቀዝ፣ ወይም ጡት መቀነስ ብቻውን ለመሄድ በቂ ነው። ሳል የለውም ብላችሁ አትጠብቁ። ያለ ጊዜው የተወለደ ወይም የልብ ችግር ያለበት ልጅም ቀደም ብሎ ይታይ።

ጤና ጣቢያ ሲደርሱ ሲስተሯ ቪዲዮውን አየች፣ ራሷም ቆጠረች፣ እግሩ ላይ ትንሽ መለኪያ አድርጋ ኦክስጅኑን አየች። ዝቅ ብሏል። ወደ ሆስፒታል ተላከ። ጉለሌ ውስጥ ጳውሎስ ሆስፒታል መኖሩ ለሰሜን አዲስ አበባ ሰው ጥሩ ነው፤ ግን ትንፋሽ ሲያጥር ቅድሚያ ቅርብ ወዳለው ጤና ተቋም ነው፣ እዚያ ኦክስጅን ይጀመራል።

ሆስፒታል የተደረገለት ነገር ሲታይ ቀላል ይመስላል። በአፍንጫው ቀጭን ቱቦ ኦክስጅን፣ መጥባት እስኪችል በቱቦ የታለበ የእናት ጡት፣ እና ያው ጨዋማ ውሃና ንፍጥ መምጠጥ። አንቲባዮቲክ አልተሰጠውም። ብሮንኪዮላይተስ የቫይረስ በሽታ ስለሆነ አንቲባዮቲክ አይነካውም። ሐኪሙ የባክቴሪያ ሳንባ ምች ነው ካለ ግን ነገሩ ይለያል፤ ያኔ በውሃ የሚሟሟ አሞክሲሲሊን ታዝዞ ልጁ የተሻለው ቢመስልም እስከ መጨረሻው ይሰጣል። የትኛው እንደሆነ ከቤት ሆኖ መለየት አይቻልም፤ ካለፈው ዓመት የተረፈ ሽሮፕ መስጠትም ለዚህ ነው የማያዋጣው። በነገራችን ላይ ኢትዮጵያ ከ2004 ጀምሮ በመደበኛ ክትባት የምትሰጠው የኒሞኮካል ክትባት ከባዱን የሳንባ ምች ይቀንሳል። በ6፣ በ10 እና በ14 ሳምንት ነው። የዚህ ልጅ ሦስተኛው ስለቀረ ሐኪሙ ሲወጣ ጊዜውን አስታውሷታል።

ሦስት ሌሊት አደሩ። ኦክስጅኑ ተነቀለ፣ መጥባት ጀመረ፣ ወጡ። ሳሉ ግን ከዚያ በኋላም ሁለት ሳምንት ያህል ቆየ። ይህ የሚጠበቅ ነው፤ ልጁ እየጠባ፣ እየተጫወተ፣ ቁጥሩ ዝቅ እያለ ከሆነ ሳሉ ብቻውን ተመልሶ መሄጃ አይደለም። ከሦስት ሳምንት ካለፈ ግን ይታይ።

ጓደኛዬ ስልክ ውስጥ እስካሁን ያልጠፋ ማስታወሻ አለ። «ሌሊት 8፣ እያለቀሰ 62። ከጠብታ በኋላ 44። ማታ 46። 58። 57። ሄድን።» ከሥሩ ደግሞ ከሆስፒታል የወጡበት ማታ የተጻፈ አንድ መስመር፤ «38፣ ተኝቷል።»